የአባባ ወጪ ለሁለት ሲካፈል

ማክሰኞ ጠዋት የፊዚዮቴራፒው ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ጉልበቷ በፋሻ የታሰረ ሴት ለእንግዳ ተቀባይዋ ስለ አንዲት የተባረከች ልጅ ታወራ ነበር። «የግንባታ ዕቃ መደብር አላት» አለች። «ሚስማርም ልግዛ ቀለምም ልግዛ፣ በገባሁ ቁጥር ታማሚ አባቷን ስታጫውት ነው የማገኛት። አንድ ቀን እንኳ ሰልችቷት አላየሁም። ወንድም አላት አሉ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ። ወንድም ተብሎ ሞቷል። ሁሉንም በሷ ላይ ጥሎ እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተጎልቶ ይውላል።» እንግዳ ተቀባይዋ አንዴ ሴትየዋን፣ አንዴ ከጎኗ የተቀመጠውን ሰው አየችና የቀጠሮ መዝገቡ ላይ አቀረቀረች። ከጎኗ የተቀመጠው ያ ወንድም ነበር። በአንድ እጁ የአባቱን የቀኝ እግር ጫማ፣ በሌላው ቅያሪ ሱሪ ያለበት ፌስታል ይዟል። በሳምንት ሁለት ቀን ሱቁን እስከ አምስት ሰዓት ዘግቶ እዚህ ከተመላለሰ ስምንት ወሩ ነው። «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ጫማ ታቅፎ ራስን ማስተዋወቅ ደስ አላለውም።

አባቱ ለሠላሳ ስድስት ዓመት መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስትሮኩ ቀኝ እጃቸውንና ቀኝ እግራቸውን አደከመው፣ ምላሳቸውንም ትንሽ አከበደው፤ አስተማሪነታቸውን ግን አልነካውም። ታክሲ ውስጥ የፊት ወንበር ካልሆነ አይሳፈሩም፤ ከክሊኒኩ እስከ ቤት ድረስ ሾፌሩን «ማርሽ ቀንስ፣ መስታወትህን እይ፣ ያቺን እናት አሳልፋት» ሲሉ ይመጣሉ። የዛሬው ሾፌር ሲያወርዳቸው ከተለመደው ላይ ሃምሳ ጨመረ። ማመልከቻ ጸሐፊው ልጃቸው ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ከፈለ። ቤት ሲደርሱ አስታማሚው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድሮ ሆስፒታል አልጋ ሲገፋ የኖረ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ሽማግሌውን «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ተማሪው» ይሉታል። ብብታቸው ሥር ገብቶ በአንድ ትንፋሽ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው፤ እሳቸውም «ቀስ ብለህ ነው ፍሬን የሚያዘው» ብለው ነጥብ ቀነሱበት።

ወደ ሱቁ ሲሄድ መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ነበር። እህቱ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ዋና እሷ ናት፤ እሱን እስከ አርባ ስድስት ዓመቱ ድረስ «ማሙሽ» እያለች ትጠራዋለች። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ አንድ ከረጢት ብርቱካንና የመድኃኒት ፓኬት ይዛ ትመጣለች፤ ለአንድ ሰዓት ተቀምጣ «ትራሱ ዝቅ ብሏል፣ መጋረጃው አቧራ ይዟል» ብላ ትሄዳለች። ለአዲስ የፎቶ ኮፒ ማሽን ያጠራቀመው ገንዘብ ስምንት ወር ሙሉ በዳይፐርና በታክሲ አልቋል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አሁን ግን እሷ የምትነሳው በደግነት፣ እሱ በጥጋብ ሆነ። ዛሬ ሊጽፍላት ወሰነ።

የሰው ጉዳይ በደቂቃዎች ውስጥ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው የራሱ ሲሆን እጅ እግሩ ተሳሰረ። ሱቁ ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ሦስተኛው የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ገጹን በሰያፍ የሚያወጣ አሮጌ ኮፒ ማሽን አለ። ጣቶቹ የለመዱትን ጻፉ። «ጉዳዩ፦ የወላጅ አባታችንን የሕክምናና የእንክብካቤ ወጪ ስለመጋራት። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ላለፉት ስምንት ወራት ሙሉ ወጪውን ብቻዬን ስሸፍን የቆየሁ ሲሆን፣ እርስዎ ግን ይህንን እያወቁ በዝምታ በማለፍዎ ለከፍተኛ ጉዳት ተዳርጌአለሁ። ስለሆነም ወጪውን እኩል እንዲጋሩ፣ ያለፈውንም እንዲተኩ እጠይቃለሁ።» አንዲት ደንበኛ ከኋላው ቆማ ስታነብ አላያትም። ከወንድሟ ጋር በአንድ ግድግዳ ምክንያት ዘጠኝ ዓመት የተካሰሰች፣ የፍርድ ቤቱ በር ሁሉ «ባለ ግድግዳዋ» የሚላት ሴት ናት።

«ለማን ነው ይሄ?» አለች።

«ለእህቴ።»

«ጠበቃ ይዘሃል?»

«ኧረ የለም። እንዲሁ ለመነጋገር ነው።»

ባለ ግድግዳዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ስማኝ ወንድሜ፣ እኔም እንዲሁ ለመነጋገር ነው የጻፍኩት። ‹እርስዎ› አልኩት። በማግስቱ እሱም ‹እርስዎ› ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ አንቺና አንተ ተባብለን አናውቅም። ግድግዳው እኮ አሁን ፈርሷል፤ ያልፈረሰው ክርክሩ ነው። እኩል የምትለውስ፣ እኩል ነው ገቢያችሁ?»

«የሷ የኔን እጥፍ ይሆናል።»

«ታዲያ እኩል ካልክ አንተ ራስህ ትወድቃለህ፤ ያለፈውን ካልክ ደግሞ ዛሬውኑ ትጣላላችሁ። ያለፈውን ተወው። የሚመጣውን ቁጠር። እሷ ያደረገችውን መጀመሪያ ጻፍ።»

«ምን አድርጋ?»

«ፈልግ። የማይገኝ የለም።»

የራሷን ማመልከቻ ረስታ ቁጥሩን አብራው ደመረች። የአስታማሚው ደመወዝ ለስድስት ቀን ሥራ በወር ስምንት ሺህ ሁለት መቶ፣ ትራንስፖርቱ ስምንት መቶ። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለቴ፣ በወር ስምንት ጊዜ፣ አንዱ በአምስት መቶ ሒሳብ አራት ሺህ። ታክሲ ደርሶ መልስ ሦስት መቶ፣ በስምንት ሁለት ሺህ አራት መቶ፤ አባቱ ሾፌር ካላስቆጡ። የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና ደም የማያስረጋው መድኃኒት ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ዳይፐርና የንጽሕና ዕቃ አንድ ሺህ አምስት መቶ። በሦስት ወር አንዴ ሐኪምና ላቦራቶሪ አንድ ሺህ ስምንት መቶ፣ ለወር ሲከፈል ስድስት መቶ። ድምሩ ሃያ ሺህ አንድ መቶ መጣ። የአባቱ ጡረታ አምስት ሺህ አንድ መቶ ነው፤ ሲቀነስ የሚጎድለው ልክ አሥራ አምስት ሺህ። ጸሐፊው ቁጥሩን ዓይኑ ሥር አድርጎ አየው። ስምንት ወር ሙሉ በትናንሽ ደረሰኝ ሲያየው ይህን ያህል አይመስለውም ነበር።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ አጠፋ፤ በሦስተኛው ይህን ላከ፦

«እቴቴ፣ እንደምን ዋልሽ። የአባባን መድኃኒት አንድ ወር እንኳ ሳታጓድዪ በማምጣትሽ አመሰግናለሁ፣ ነግሬሽ አላውቅም። ወጪው ግን ለብቻዬ ከብዶኛል፤ ያጠራቀምኩት አልቋል። ዝርዝሩን ከታች ጽፌዋለሁ። ጡረታው ተቀንሶ በወር አሥራ አምስት ሺህ ይጎድላል። እኩል እንካፈል አልልም፣ ገቢያችን እኩል አይደለም። አንቺ አሥር፣ እኔ አምስት ብንይዝ ምን ይመስልሻል? የምታመጪው መድኃኒት ካንቺ ድርሻ ላይ ይታሰብልሽ። ሌሊቱንና ክሊኒኩን እኔ እይዛለሁ፤ አስታማሚው በማይመጣበት እሑድ ግን በየተራ እንሁን። ለድንገተኛ ደግሞ በየወሩ አምስት አምስት መቶ ለብቻ እናስቀምጥ። ደረሰኙን በአንድ ደብተር እይዛለሁ፣ በፈለግሽ ጊዜ እዪው። በሦስት ወር እንደገና እንነጋገርበት፤ ሕመሙም ኪሳችንም ይለዋወጣል። ይህ ሐሳብ ነው፣ ትእዛዝ አይደለም። የማይሆነውን ንገሪኝ። ማሙሽ።»

እህቱ ምን ብላ እንደምትጠራው ጠይቃ «ማሙሽ»ን የጨመረችው ባለ ግድግዳዋ ናት። «እሱ አምስት መቶ ያስቀንስልሃል» አለች።

መልሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። «አየሁት» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ጸሐፊው ያቺን አንዲት ቃል ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መረመራት። ተቆጥታ ነው፣ ሥራ በዝቶባት ነው፣ እያለቀሰች ነው። የአንድ ሰው የውክልና ጽሑፍ ሲተይብ «ወካይ» ማለት ሲገባው «አየሁት» ብሎ ጻፈ፤ ሰውየው አንብቦ ፈረመበት፤ መልሶ ጠርቶ እስኪያስተካክለው መንገድ ለመንገድ ሮጠ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ሲደርስ የእህቱ ጫማ በር ላይ ነበር። ማክሰኞ መጥታ አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ የመደብሯን ሒሳብ ማሽን፣ ወረቀት የምታትመዋን፣ ዘርግታ ተቀምጣለች። አባታቸው ከጎኗ ፊታቸውን አጥቁረዋል። አስታማሚው ሰዓቱ ደርሶ ሊሄድ ጃኬቱን ለብሶ ነበር።

«አንተ ቆይ» አለችው እህቱ። «አንተም ዝርዝሩ ውስጥ አለህ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ቁጭ በል። ይሄ ትራንስፖርት ስምንት መቶ የሚለው ምንድን ነው?»

«ለሱ የምሰጠው ነዋ።»

«እኔስ በየወሩ የምልክለት ስምንት መቶ ምንድን ነው?»

ሁለቱም አስታማሚውን አዩት። ሰውየው ጃኬቱን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው፤ ፊቱ ላይ የእፍረት ምልክት አልነበረም። «እመቤት» አለ፣ «አንዱ መምጫ ነው፣ አንዱ መመለሻ።»

ጸሐፊው ሊቆጣ ብሎ አፉን ሲከፍት ሳቁ ቀደመው። እህቱ አልሳቀችም፤ ግን ቀና ብላ ጣሪያውን ማየቷ ሳቅ ለመዋጥ እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። «ከነገ ጀምሮ መምጫውን እሱ ይሰጥሃል፣ መመለሻህን በእግርህ» አለች። አስታማሚው ለአፍታ አሰበና፣ ጋሼ አሥር ኪሎ ጨምረዋልና ደመወዙ ላይ ሦስት መቶ ቢታከልለት አለ። መጨመራቸው እውነት ነበር። ከድንገተኛው ተቀማጭ ላይ እንዲሰጠው ተስማሙ፤ እሱም ይህች ስትነገር ጃኬቱን መልሶ ለበሰ።

ቀጥሎ መድኃኒቱ መጣ። ጸሐፊው መሳቢያውን ስቦ የገዛቸውን አወጣ፣ እህቱ ያመጣቻቸውን ከጎን ደረደረች። የደም ግፊቱ መድኃኒት ሁለት የተለያየ ስም፣ ሁለት የተለያየ ቀለም ማሸጊያ ነበረው። «ይሄ እኮ አንድ ነው» አለ አስታማሚው ከበሩ። «የመጀመሪያው ሳምንት ነው ያየሁት። ለፋርማሲስቷ አሳየሁና አንደኛውን ብቻ ነው የምሰጣቸው፤ ያኛው ተጠራቅሟል።» «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አሉት ሁለቱም ባንድ ጊዜ። «አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም፤ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ለሌላው እንዳልነግር ታዙኛላችሁ» አለ። ይህም እውነት ነበር። ጊዜው ያላለፈበት የአራት ወር ተቀማጭ ተገኘ፤ እሱ እስኪያልቅ አዲስ አይገዛም፤ ካለቀ በኋላም እህቱ አንዱን ብቻ ትገዛለች። ሒሳብ ማሽኗ የዚያን መድኃኒት ዘጠኝ መቶ ቀንሳ ጮኸች።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አሉ አባታቸው።

ሁለቱም ዞሩ። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘው ነበር። ቃሉ ከብዶባቸው ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። «ጡረታዬን ከላይ ቀነሳችሁት። የማን ነው ጡረታው? ጸጉሬን ስቆረጥ፣ ጋዜጣ ስገዛ፣ የስልክ ካርድ ስሞላ ከማሙሽ ልለምን ነው? ስድስት መቶ በኪሴ ይቀመጣል። ለምን አደረግከው የሚለኝም የለም።»

ጸሐፊው ፊቱ ጋለ። ለስንት ሰው ተከራክሮ የሚጽፍለትን መብት የገዛ አባቱ ላይ ዘሎት ነበር። «ይቅርታ አባባ» አለ። እህቱ ማሽኗን መታች፦ ከሃያ ሺህ አንድ መቶ ዘጠኝ መቶ ሲቀነስ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ፣ ከጡረታው የሚቀረው አራት ሺህ አምስት መቶ፣ የሚጎድለው አሥራ አራት ሺህ ሰባት መቶ። ወረቀቷን ቀድዳ መሐላቸው አስቀመጠች።

«አሥር አልችልም» አለች። «መደብሩ ሞልቶ ታያለህ፤ ግማሹ የባንክ ነው። ዘጠኝ ልያዝ።»

«እኔ ላይ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ። እኔ ደግሞ ያልቆጠርክልኝ ሥራ አለኝ።»

ጸሐፊው ክሊኒኩ ውስጥ የሰማውን ቀኑን ሙሉ ይዞት ውሎ ነበር፤ አሁን አመለጠው። «እሱንማ ሰምቻለሁ። አባቷን የምታስታምም እሷ ናት እየተባለ ነው። በወር ሁለት እሑድ አንድ አንድ ሰዓት።»

እህቱ ስልኳን አውጥታ የገቢ ጥሪውን ዝርዝር ከፈተችና ፊቱ ላይ አደረገችው። «አባባ» ይላል። ከሥሩም «አባባ»። ጣቱን ቢያንሸራትት «አባባ» ነው፤ አልፎ አልፎ መሐል ላይ «ሲሚንቶ አከፋፋይ» ይላል። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው» አለች። «አንተ ከወጣህ በኋላ። በቀን አሥር ጊዜ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በድምፅ ማጉያ አስቀምጬ ነው ሚስማር የምመዝነው። ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ባለፈው ሳምንት ዳገት ላይ እንዴት እንደሚነሳ ተምሮበት ሄደ። እኔ አስታምማለሁ ብዬ ለማንም አላወራሁም፤ የሰሙ ሰዎች ናቸው የሚያወሩት።»

ጸሐፊው አባቱን አየ። «አባባ፣ እኔ ጋ ለምን አትደውልም?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አንተ ሌሊት ሦስቴ ትነሳልኛለህ» አሉ። «ቀን ደግሞ ላሯሩጥህ?»

ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ጎማው ድንጋይ መታ፤ አባታቸው እንኳ አስተያየት አልሰጡም። ጸሐፊው እህቱን ሲያይ የሠላሳ ዓመት የሱቅ አቧራ ዓይኗ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እሷም የሱን ቀበቶ አየች፤ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ተበስቶበታል። «ከስተሃል» አለችው፣ እንደ ወቀሳ አድርጋ። እሱም ዘጠኝ ሺህው ይሁን አለ፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለውን ስልክ እሱ ሊይዝ፣ ከሰዓት በኋላውን እሷ ልትይዝ ተስማሙ። እሑዱን በየተራ። እሷ በወረቀት ላይ ጻፈችው፣ አባታቸው በግራ እጃቸው ፈረሙ፤ ፊርማው ከመንገድ የወጣ መኪና ይመስላል። «አሁን መንጃ ፈቃድ አወጣችሁ» አሉ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊው ለአንድ ነጋዴ የግብር አቤቱታ እየተየበ ነበር። ስልኩን ማተሚያው ላይ አስደግፎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አቤት አባባ፣ ምን ፈለግክ?» «ምንም። ምን እየጻፍክ ነው?» «ግብር።» ነጋዴው ራሱ አጎንብሶ ለስልኩ ጉዳዩን ማስረዳት ጀመረ፤ ሽማግሌው በየመሐሉ «ቀጥል፣ ፍጥነት ቀንስ» ይሉታል። አሥር ደቂቃ አለፈና ዘጉ፤ ሩብ ሰዓት ቆይተው እንደገና ደወሉ። አምስት ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸው ነበር። ሥራው ተጓተተ፣ ሁለት ገጽ ተበላሸ፣ ግን ማንም ተራው ስለዘገየ አልጮኸም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ከእህቱ መልእክት መጣ። «አባባ እስካሁን አልደወለም። አመመው እንዴ?»

«ደህና ነው» ብሎ ጻፈላት። «እኔ ጋ ስምንቴ ደውሏል።»

እየጻፈች እንደሆነ ስልኩ አሳየው። ቆመች። እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ መጣ፦ «ስምንት? እኔ ጋ እኮ ከአምስት በልጦ አያውቅም።»

ጸሐፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ትናንት አሥር ነበር ያልሽው፤ በሱ ነው አንድ ሺህ ያስቀነስሽኝ» ብሎ ጻፈ፤ አነበበው፤ ሊልከው ጣቱን አቀረበ። ከዚያ እያንዳንዷን ፊደል አጠፋና «የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነው፣ ከሰዓቱ ያንቺ ነው፣ ጠብቂው» ብሎ ላከላት።